ስምንት ብዬ ጽፌ ስድስት የሆነብኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ

ጥያቄ፦ «ሰላም ለዚህ ቤት። ሀዋሳ የግል ት/ቤት ውስጥ አዲስ ምክትል ርዕሰ መምህር ነኝ። አንድ መምህራችን በየሳምንቱ ያረፍዳሉ። ሁለቴ በቃል ነግሬያቸዋለሁ፣ ለውጥ የለም። አሁን የጽሁፍ ማስጠንቀቂያ ስጪያቸው ተብያለሁ። በዕድሜ ይበልጡኛል፣ ጨንቆኛል። ጠንከር ያለ ግን የማይበድላቸው ደብዳቤ እንዴት ይጻፋል?»

እህቴ፣ እኔም እዚሁ ሀዋሳ በአንድ የግል ት/ቤት ስድስት ዓመት ምክትል ሆኜ ሠርቻለሁ። የመጀመሪያውን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤዬን ያበላሸሁት ራሴ ነኝ። እሱን ልንገርሽ፣ ከዚያ የተሻለ መልስ የለኝም።

መምህሩ 8ኛ ክፍል ሒሳብ ነበር የሚያስተምረው። ጎበዝ ነው፣ ተማሪ ይወደዋል። ቤቱ ወደ ቱላ በኩል ነው። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ 2:00 ይገባል፣ እሱ 2:10 ወይ 2:15 ላይ ጋዋኑን እየቆለፈ በኮሪደሩ ሲሮጥ ታገኚዋለሽ። አንድ ሰኞ ጠዋት የክፍሉ አለቃ ቢሮዬ መጥታ «ቲቸር ዛሬም አልገባም» አለችኝ። «ዛሬም» ያለችው ነው ያበገነኝ። እዚያው ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። «በተደጋጋሚ፣ ከስምንት ጊዜ ባላነሰ በማርፈድ፣ ለሥራዎ ባሳዩት ግዴለሽነትና ንቀት…» እያልኩ፣ መጨረሻው ላይ ከሥራ እስከ ማሰናበት የሚደርስ እርምጃ እንወስዳለን የሚል ጨምሬ፣ ማህተም አስመትቼ ሰጠሁት።

አነበበው። አልተቆጣም። «የትኞቹ ስምንት ቀኖች ናቸው?» ብቻ አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። የሰዓት ፊርማ መዝገቡን አስመጣሁና አብረን ገለጥነው። አንደኛው ቀን እኔው ራሴ ወረቀት አስይዤ ክፍለ ከተማው ትምህርት ጽ/ቤት የላክሁት ቀን ሆኖ ተገኘ። አቤት ማፈር! ሌላው ቀን ከንጋቱ 12:30 ላይ ለትምህርት ክፍል ኃላፊው በቴሌግራም ልጄ ታሟል ብሎ አስፈቅዷል። ኃላፊው ፈቅዷል፣ ግን ለማንም አልተናገረም። ስምንቱ ስድስት ሆነ። ከስድስቱም በሁለቱ መዝገቡ ላይ 1:55 ብሎ ፈርሟል። በር ላይ በሰዓቱ ደርሷል፣ ክፍል ግን አልገባም። እነዚያን ሁለት ቀኖች ያዳነኝ የዩኒት ሊደሯ የክፍል ዙረት መከታተያ ነው። እሷ በየጠዋቱ 2:05 ላይ እየዞረች የትኛው ክፍል መምህር እንዳልገባበት፣ በኋላም ስንት ሰዓት እንደገባ ትጽፍ ነበር። ያ ወረቀት ባይኖር አራት ብቻ ይቀረኝ ነበር።

ደብዳቤውን መሰረዝ ነበረብኝ። በቃል «ተወው» ብሎ ማለፍ አይበቃም፣ ማህደሩ ውስጥ ገብቷላ። ቁጥሩን ጠቅሼ መሻሩን በሌላ ደብዳቤ ጻፍኩለት። ከዚያ ከዜሮ ጀመርን።

ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ሁለት ዓምድ ሥሪና ቀኑንና የጠፋውን ደቂቃ ጻፊ። ከጎኑ ማስረጃው የቱ እንደሆነ ምልክት አድርጊ፣ የበር ፊርማ ነው ወይስ የክፍል ዙረት። ፈቃድ የተሰጠበት፣ በሥራ የተላኩበት፣ ት/ቤቱ ራሱ ስብሰባ ጠርቶ ያስረፈደበት ቀን ካለ አውጪው። የሚቀረው ያ ነው፣ ሦስትም ይሁን ሰባት።

እኔ እንዲህ ስደረድረው ያላየሁትን ነገር አየሁ። ከስድስቱ ሦስቱ ሰኞ ናቸው። ጠርቼ ስጠይቀው ባለቤቱ ገጠር ወረዳ ላይ ነው የምትሠራው፣ ሰኞ በሌሊት ትሄዳለች፣ ልጁን መዋዕለ ሕጻናት የሚያደርሰው እሱ ነው፣ እዚያ ደግሞ በሩ የሚከፈተው 1:45 ነው። ከዚያ ባጃጅ ጥበቃ። ይሄ የሰኞን ያስረዳል፣ የማክሰኞውን፣ የሐሙሱንና የዓርቡን አያስረዳም። እሱም አልካደም፣ «እነዚያ የኔ ናቸው» አለኝ።

ስለ ሕጉ ትንሽ። የግል ት/ቤት ስለሆናችሁ የሚገዛችሁ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አንቀጽ 27 ላይ ሠራተኛን ያለማስጠንቀቂያ ጊዜ ማሰናበት ከሚያስችሉት ውስጥ ማርፈድ አለ፦ በቂ ምክንያት ሳይኖር በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ፣ ያውም በጽሁፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው። ይሄን ልብ በይ። ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፣ በጽሁፍ የተነገረው መሆን አለበት። በቃል ሃያ ጊዜ ብትነግሪያቸው ለዚህ አይቆጠርልሽም። ለዚህ ነው ደብዳቤሽ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ቀን እውነት መሆን ያለበት፣ ነገ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስ የሚነበበው እሱ ነው። የመንግሥት ት/ቤት ሌላ ነው፣ እነሱ በክልሉ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግና በዲሲፕሊን ኮሚቴ ነው የሚሄዱት፣ ከዚያ ናሙና ኮፒ አታድርጊ።

ከአዋጁ በታች የት/ቤታችሁ የሥራ ደንብ አለ። አንብቢው። አብዛኛው ደንብ መጀመሪያ የቃል ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ አንደኛ የጽሁፍ፣ ከዚያ ሁለተኛ እያለ ነው የሚወጣው፣ ማስጠንቀቂያው ስንት ወር እንደሚጸናም ይናገራል። እና አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፣ ሁለቴ በቃል ስትነግሪያቸው የት ነው የነገርሻቸው? ኮሪደር ላይ «ጋሼ፣ ሰዓት ሰዓት!» ማለት ማስጠንቀቂያ አይደለም፣ እሳቸውም ቀልድ ነው የመሰላቸው ብለው ሊከራከሩሽ ይችላሉ። ቢሮ ጠርተሽ፣ ቀኖቹን አሳይተሽ፣ ምክንያታቸውን ሰምተሽ፣ ግማሽ ገጽ ቃለ ጉባኤ ይዘሽ ካላስፈረምሽ የቃሉን ደረጃ አሁን በደንብ ሥሪው። ደብዳቤው ሁለት ሳምንት ቢዘገይ ምንም አይደለም።

የኔ ሁለተኛው ደብዳቤ ይሄው፣ ስሙንና የደንቡን ቁጥር አውጥቼዋለሁ፦

ቁጥር፦ ………
ቀን፦ 28/02/2016 ዓ.ም.

ለመምህር …………
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የመጀመሪያ የጽሁፍ ማስጠንቀቂያ ስለመስጠት

በት/ቤቱ የሥራ ደንብ አንቀጽ …… መሠረት መምህራን ክፍለ ጊዜው በሚጀምርበት ሰዓት ክፍል ውስጥ መገኘት አለባቸው። እርስዎ መስከረም 28 (12 ደቂቃ)፣ ጥቅምት 5 (9 ደቂቃ) እና ጥቅምት 8 (15 ደቂቃ) ወደ 1ኛ ክፍለ ጊዜ ዘግይተው በመግባትዎ ጥቅምት 9 ቀን በቢሮ ውይይት ተደርጎ የቃል ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶዎታል፤ ቃለ ጉባኤውንም ፈርመዋል። ከዚያ በኋላ ጥቅምት 13 (11 ደቂቃ)፣ ጥቅምት 19 (18 ደቂቃ) እና ጥቅምት 23 (10 ደቂቃ) ዘግይተዋል። በዚህም የ8ኛ ቢ ተማሪዎች በድምሩ 75 ደቂቃ የሒሳብ ትምህርት አልፏቸዋል።

ሰኞ ጠዋት ልጅ ማድረስን በተመለከተ ያቀረቡት ምክንያት ታይቶ ከኅዳር 3 ጀምሮ የሰኞ 1ኛ ክፍለ ጊዜዎ ወደ 3ኛ ተዛውሯል። ከዚህ በኋላ በሁሉም ቀናት በሰዓቱ እንዲገኙ፣ ችግር ሲያጋጥምዎ ለዩኒት ሊደሩ ከ1:30 በፊት እንዲያሳውቁ እናሳስባለን። ይህ ካልተስተካከለ በደንቡ መሠረት ወደ ሁለተኛው የጽሁፍ ማስጠንቀቂያ የምንሄድ መሆኑን እንገልጻለን። በደብዳቤው ላይ ቅሬታ ካለዎት በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሁፍ ማቅረብ ይችላሉ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦ ለርዕሰ መምህር፣ ለግል ማህደር

ይኸው ነው። ንቀት የለ፣ ግዴለሽነት የለ። ንቀትን ማስረዳት አትችዪም፣ 18 ደቂቃን ግን ትችያለሽ። የኛ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ስለነበር 75 ደቂቃ ማለት ሁለት ሙሉ ክፍለ ጊዜ ሊሞላ አምስት ደቂቃ የቀረው ነው። እሷን መስመር ሲያነብ ነው ፊቱ የተለወጠው፣ ከማሰናበቱ ዛቻ ይልቅ። ስለ ማሰናበት ደግሞ በመጀመሪያ ደብዳቤ ላይ አትጻፊ። ቀጣዩ ደረጃ ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ከሆነ ቀጣዩን ብቻ ነው የምትጠሪው፣ ያለበለዚያ ደንባችሁን ራስሽ ዘለልሽው ማለት ነው። አምስቱ የሥራ ቀን የኛ ደንብ ነው፣ የናንተን ቁጥር አስገቢ።

የደመወዝ ቅጣትም እንዳታስገቢ። ባለቤቶቹ «ያረፈደበትን ቁረጪ» ይሉሻል፣ እኔንም ብለውኛል። ደንባችሁ ላይ በግልጽ ከሌለ፣ ወይ ሠራተኛው በጽሁፍ ካልተስማማ፣ ወይ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልመጣ፣ አሠሪ እንዲሁ ተነስቶ ደመወዝ አይቆርጥም።

ሌላም ነገር ልጨምር፣ እኔ ላይ ስለደረሰ ነው። ደብዳቤውን ከመስጠትሽ በፊት የሌሎቹንም መምህራን የዚያን ወር መዝገብ እይ። እኔ ሳየው አንዲት የሳይንስ መምህርት አምስት ጊዜ አርፍዳለች። ዝምተኛ ስለሆነች፣ ልጆቹም ስለማይረብሹባት ማንም አላየም። እሷን ዝም ብዬ እሱን ባስጠነቅቅ ስታፍ ክፍል ውስጥ በማግስቱ ወሬው ሌላ ይሆን ነበር። ለሷም በዚያው ሳምንት የቃል ማስጠንቀቂያ ሰጠሁ፣ ቃለ ጉባኤ ያዝኩ።

አሰጣጡ። በጥበቃ አትላኪ፣ በቴሌግራም ግሩፕ ፎቶ አንስተሽ አትልቀቂ፣ ጠረጴዛ ላይም አታስቀምጪ። ትርፍ ክፍለ ጊዜያቸውን ጠብቀሽ ቢሮ ጥሪያቸው፣ ሁለት ቅጂ ይኑርሽ። ቀሪው ላይ «ደርሶኛል» ብለው ቀን ጽፈው ይፈርሙ። ፊርማው መቀበል ነው፣ ማመን አይደለም። ይሄን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ አብዛኛው ሰው አልፈርምም የሚለው ጥፋቱን ያመነ ስለሚመስለው ነው። አሁንም እምቢ ካሉ አትለምኚ፣ አትጨቃጨቂ። ሁለት ምስክር ጠርተሽ፣ ደብዳቤው እንደቀረበላቸውና ለመፈረም ፈቃደኛ እንዳልሆኑ ቀሪው ላይ ጽፈው ይፈርሙ። ምስክሮቹ ካንቺ ጋር የሚቀራረቡ ባይሆኑ ይመረጣል።

ዕድሜያቸውን በተመለከተ፣ ደብዳቤው «እርስዎ» ስለሚል ችግር የለውም፣ እኔም ከዚያ መምህር ጋር አንተ እየተባባልን ደብዳቤው እርስዎ ነበር የሚለው። ቃሉ ነው የሚከብደው። እኔ ብሆን ተነስቼ ወንበር እሰጣቸዋለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ፣ መጀመሪያ ወረቀቱን ሳይሆን የቀኖቹን ዝርዝር አሳያቸዋለሁ። «ጋሼ፣ ስህተት ካለው አሁን ይንገሩኝ፣ ሳይፈረም አስተካክለዋለሁ» በያቸው። የኔ ሰውዬ ጥቅምት 8ን 15 ሳይሆን 13 ደቂቃ ነው ብሎ ነበር። የዙረት ወረቀቱን አውጥተን አየነው፣ 15 ነበር። ሳቀ፣ እስክሪብቶ ጠየቀኝ፣ ፈረመ።

ከዚያ በኋላ በታኅሣሥ አንድ ጊዜ 6 ደቂቃ አርፍዷል፣ 1:20 ላይ ደውሎ። እሱን መዝገቡ ላይ «አሳውቋል» ብዬ ጻፍኩት።