ኦሮምኛ እሰማለሁ፣ መናገር ግን አቃተኝ

«ቡራዩ ከገባሁ ሦስት ዓመቴ ነው። ኦሮምኛ ሲወራ እሰማለሁ፤ ልመልስ ስል ግን አፌ ይተሳሰራል። ምን ላድርግ?»

ማታ ማታ ከውሎህ አንድ ነገር መርጠህ ድምፅህን አውጥተህ ተርክ፤ መጀመሪያ በ4 ደቂቃ፣ ያንኑ በ3፣ ከዚያ በ2። የጎደለህን ቃል ጽፈህ ጠዋት ጎረቤት ጠይቅ።

ብዙውን ጊዜ የሚያስረው የግሱ መጨረሻ ነው። ስትሰማ ከወሬው ስለምትገምተው ታልፈዋለህ፤ ስትናገር ግን መምረጥ ግድ ይሆናል። ባለሱቋ «ገባ ዴምቴ?» (ገበያ ሄድክ?) ብትልህ መልሱ «ኤዬ፣ ናን ዴሜ» ነው። እኔ ለወራት «ኤዬ፣ ዴምቴ» እያልኩ «አዎ፣ ሄድክ» ስላት ከርሜያለሁ።

ለብቻህ ስትደጋግም ስህተቱም አብሮ ይለመዳል። ስለዚህ ያንኑ ታሪክ በሳምንት አንድ ቀን ለሰው ንገር፤ በአማርኛ እንዳይመልስልህም አስቀድመህ ለምነው። የሰፈራችን ሰው ስትንተባተብ ካየ አዝኖልህ ወደ አማርኛ ይዞራል።