«መለየት» ወይስ «መነጣጠል»?

ጥያቄ፦ «ጅማ ከተማ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ቻርጅ በሌለበት አራት ማዕዘን ውስጥ፣ የጠርዞቹ ፖቴንሻል ተወስኖ ሲሰጥ፣ የላፕላስን እኩልዮሽ የምንፈታበትን ዘዴ በማስታወሻዬ ላይ ‹ተለዋዋጮችን መለየት› ብዬዋለሁ። ባልደረባዬ ግን ‹መነጣጠል› በል ይለኛል። ማን ልክ ነው?»

መልስ፦ ባልደረባዎ ልክ ናቸው። ምክንያቱን ከስሌቱ ውስጥ እናገኘዋለን።

«ለየ» ሁለት ሥራ አለው። እናንተ ዘንድ ቡና ሲለቀም «የተበላሸውን ለይ» ሲባል መጀመሪያ ዓይን ያውቃል፣ ቀጥሎ እጅ ያወጣል። ክፍል ውስጥ ግን የሚሰማው የዓይኑ ሥራ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ቋንቋውን እንድመለከት የተሰጠኝ የፈተና ወረቀት «ተለዋዋጮቹን ለዩ» ይል ነበር፤ በርካታ ተማሪዎች «x እና y» ብለው ጽፈው ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፉ። ለእኔ ያ ስሕተት አልነበረም፤ የተጠየቁትን መልሰዋል። «መለያየት» ቢባል ደግሞ ጠብ ወይም ልዩነት ይመጣል። «መከፋፈል» ይባስ ያደናግራል፤ በዘዴው ውስጥ እውነተኛ ማካፈል አለና።

«ነጠለ» ከ«ነጠላ» ጋር አንድ ሥር ነው፤ የ«ድርብ» ተቃራኒ። ተደርቦ የነበረውን እያንዳንዱ ለብቻው እንዲቆም ማድረግ ማለት ነው። ስሌቱ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ጎኑ a የሆነ ካሬ እንውሰድ፤ የላይኛው ጠርዝ 100 ቮልት፣ ሦስቱ ዜሮ ይሁኑ። V = X(x)·Y(y) ብለን በእኩልዮሹ ውስጥ ተክተን በXY ስናካፍል ይህ ይቀራል፦

X''/X + Y''/Y = 0

የመጀመሪያው ተደማሪ የሚያውቀው xን ብቻ ነው፤ ሁለተኛው yን ብቻ። yን ሳንነካ xን ብናንቀሳቅስ ሁለተኛው አይለወጥም፤ ድምሩም ዜሮ ነውና የመጀመሪያው ሊለወጥ አይችልም። ስለዚህ ሁለቱም ቋሚ ቁጥሮች ናቸው፣ በምልክት ብቻ ይቃረናሉ፦ አንዱ −k²፣ ሌላው k²። ተነጠሉ እንጂ አልተፋቱም፤ አንዱ k አሁንም ያስተሳስራቸዋል። «መነጣጠል» የሚለውን የምወደው ለዚህ ነው።

ተማሪ የሚሰናከለው አሉታዊው ምልክት ለማን እንደሚሰጥ ሲመርጥ ነው። X በግራም በቀኝም ጠርዝ ዜሮ መሆን አለበት። ይህን የሚችለው እየወጣና እየወረደ የሚሄደው sin(nπx/a) ነው፤ ስለዚህ −k² የX ድርሻ ይሆናል፣ Y ደግሞ ከታችኛው ጠርዝ ከዜሮ የሚነሣው sinh(nπy/a) ይሆናል። ምልክቱ ከተገለበጠ X ከግራ ጠርዝ ከተነሣ በኋላ ወደ ዜሮ ስለማይመለስ የሚገኘው መልስ በሁሉም ቦታ ዜሮ ብቻ ነው። ተማሪዎ «ሁሉም ዜሮ ሆነብኝ» ካለ መጀመሪያ የሚመረመረው ይህ ምልክት ነው።

የላይኛውን ጠርዝ አንድ ብዜት ብቻውን 100 ሊያደርገው አይችልም። ብዙ ብዜቶችን እንደምራለን፤ n ጎዶሎ ቁጥር ብቻ ሆኖ፦

V = (400/π) Σ (1/n) · sin(nπx/a) · sinh(nπy/a)/sinh(nπ)

በካሬው መሐል የመጀመሪያው ተደማሪ 25.37 ቮልት ይሰጣል፣ ሁለተኛው (n = 3) 0.38 ይቀንሳል፣ ሦስተኛው (n = 5) 0.01 ይጨምራል፤ 25.00 ላይ እንደርሳለን። ትክክለኛነቱን ያለ ስሌት ማረጋገጥ ይቻላል፦ 100 ቮልቱን በየተራ በአራቱም ጠርዝ ላይ አድርገን መልሶቹን ብንደምር ውስጡ በሙሉ 100 ይሆናል፣ ከዚያም የመሐሉ ድርሻ ለእያንዳንዱ ሩብ ነው። የላይኞቹ ማዕዘኖች ግን እንዲህ ቀላል አይደሉም። 0 እና 100 እዚያ ስለሚጋጠሙ፣ ጠርዙ ላይ ድምሩ ከማዕዘኑ አጠገብ ወደ 118 ያህል ይዘላል፤ ተደማሪ ቢጨመር ዝላዩ ወደ ማዕዘኑ ይጠጋል እንጂ አይጠፋም።

ከዚህ አንድ የአጻጻፍ ጥንቃቄ ይመጣል። «V ተነጣጥሏል» አይበሉ። የተነጣጠለው እያንዳንዱ ተደማሪ ነው፤ ድምሩ V ግን ወደ አንድ የX እና አንድ የY ብዜት አይመለስም። «በተነጣጠሉ ተደማሪዎች ተገልጿል» ቢሉ ሐሳቡ ይጠበቃል።

ባይጠይቁኝም «ቋሚ» ያሳስበኛል። በአንድ ገጽ ላይ k ቋሚ፣ የጠርዙ ፖቴንሻል ቋሚ፣ የቆመውም ጎን ቋሚ ከተባለ ተማሪው የትኛውን ይያዝ? ቃሉን ለk ይተዉለት። ለጠርዙ «የተወሰነ ፖቴንሻል»፣ ለጎኖቹ «የግራና የቀኝ ጠርዝ» ይበቃል።