ጸጉርና ነጠላ ከዳራቸው ሲለዩ፦ ስለ አልፋ ቻናል ጥያቄና መልስ

ከፍኖተ ሰላም፣ የፎቶ ቤት ባለቤት፦ ተመራቂዎችን በነጭ መጋረጃ ፊት አነሳለሁ። ቆርጬ ጥቁር አረንጓዴ ዳራ ላይ ሳስቀምጣቸው በጸጉራቸው ዙሪያ ነጭ ክር የመሰለ ነገር ይቀራል። ችግሩ አቆራረጤ ነው?

መልስ፦ አቆራረጥዎ ደህና ሳይሆን አይቀርም። ችግሩ ተቆርጦ የቀረው ቀለም ውስጥ ነው።

እያንዳንዱ ፒክስል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊን የሚገልጹ ሦስት ቁጥሮች አሉት። አልፋ አራተኛው ቁጥር ነው፤ በተለመደው ፋይል ከ0 እስከ 255 ይደርሳል። 0 ከሆነ ፒክስሉ ጨርሶ አይታይም፤ 255 ከሆነ ከሥሩ ያለውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። በመካከል ያሉት በከፊል ይሸፍናሉ፤ ጠርዝን የሚያለሰልሱትም እነሱ ናቸው።

አሁን ከጸጉሩ ጫፍ አንድ ፒክስል እንውሰድ። የጸጉሩ ድምቀት 40፣ የመጋረጃው 240 ይሁን። ጸጉሩ የፒክስሉን ግማሽ ብቻ ስለያዘ ሁለቱ ተቀላቅለው 140 ሆነዋል። መቁረጫው ለዚህ ፒክስል ግማሽ አልፋ ሰጠው እንበል፤ ትክክል ነው። ቀለሙ ግን አሁንም 140 ነው፤ መጋረጃው ውስጡ አለ። ድምቀቱ 30 የሆነ ዳራ ላይ ሲያርፍ የ140 ግማሽና የ30 ግማሽ ተደምረው 85 ይሰጣሉ። መሆን የነበረበት የ40 ግማሽና የ30 ግማሽ፣ ማለትም 35 ነው። ያስቸገረዎት ነጭ ክር ይህ በ85 እና በ35 መካከል ያለው ልዩነት ነው።

መድኃኒቱ የመጋረጃውን ድርሻ ከቀለሙ ላይ መቀነስ ነው፦

```
(140 - 0.5 × 240) ÷ 0.5 = 40
```

ፎቶሾፕ ላይ Select and Mask ውስጥ ያለው Decontaminate Colors በጠርዙ ላይ የቀረውን የዳራ ቀለም ለማጽዳት የተሠራ ነው። ጂምፕ ላይ፣ ዳራው አንድ ወጥ ቀለም ከሆነ፣ Color to Alpha ይረዳል። ነገር ግን ከሙሉው ፎቶ ይልቅ በጠርዙ አካባቢ ብቻ ይጠቀሙበት፤ አለበለዚያ ነጭ ሸሚዙንም አብሮ ያሳሳዋል።

ከደብረ ማርቆስ፦ ይህ ሁሉ ሒሳብ ለምን አስፈለገ? Feather ላይ 3 ፒክስል ስጡት፤ ነገሩ ያልቃል። እኔ ዓመቱን ሙሉ የምሠራው እንደዚያ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ግማሹ እውነት ነው። Feather አልፋውን ቀስ በቀስ ከ255 ወደ 0 ያወርደዋል፤ ስለዚህ ጠርዙ በእርግጥ ይለሰልሳል። ቀለሙን ግን አይነካም። እንዲያውም ልስላሴው ወደ ውጭ ስለሚዘረጋ ቀድሞ ተቆርጦ የነበረውን የመጋረጃ ፒክስል በከፊል መልሶ ያሳያል። መጀመሪያ ምርጫውን አንድ ወይም ሁለት ፒክስል ወደ ውስጥ ጠበብ አድርገህ ከዚያ ብታለሰልሰው ለትከሻና ለጉንጭ ጥሩ ይሠራል። ለጸጉር ግን አይሆንም፤ አንዲት ቀጭን ጸጉር ራሷ ከሁለት ፒክስል ስለማትበልጥ ስታጠበው ጨርሳ ትጠፋለች።

ከደብረ ማርቆስ (በድጋሚ)፦ በጉርድ ፎቶ ላይ ማንም አያየውም።

መልስ፦ በዚያ መጠን እስማማለሁ። በትልቅ ባነር ሲታተም ግን ከመንገድ ማዶ ይታያል።

ከሞጣ፣ ሙሽሮችን የምታነሳ፦ የእኔ ጠርዙ አይደለም። ሙሽራዋ ነጠላ ለብሳ በሰማያዊ ግድግዳ ፊት ተነስታለች፤ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ ፎቶ ላይ ሳስቀምጣት ነጠላዋ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ።

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን በማንሳትሽ ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው ከፊል ግልጽነት ጠርዝ ላይ ብቻ ያለ ይመስለዋል። ነጠላ መሐሉም ያሳያል። መቁረጫው ግን “ይህ ልብስ ነው” ብሎ ሙሉውን 255 ስለሚሰጠው በክሮቹ መካከል የሚታየው ግድግዳ ከልብሱ ጋር ተጣብቆ ይመጣል።

የእያንዳንዱን ፒክስል አልፋ በጥቁር፣ በግራጫና በነጭ የሚያሳየውን ማስክ ክፈቺና በስሱ ክፍል ላይ ግራጫ ቀቢ። አንዱ ድርብ ከጀርባው ያለውን 40 በመቶ የሚያሳልፍ ከሆነ አልፋው 60 በመቶ፣ በቁጥር 153 ይሆናል። የታጠፈበት ቦታ ላይ ብርሃኑ ሁለት ጊዜ ስለሚጣራ የሚያልፈው የ40 በመቶው 40 በመቶ፣ ማለትም 16 በመቶ ብቻ ነው፤ አልፋው ወደ 214 ከፍ ይላል። የታጠፈው ቦታ አልፋ የአንዱ ድርብ አልፋ እጥፍ እንደማይሆን ልብ በይ፤ ብዙዎች እዚህ ላይ ያበዙትና ነጠላውን ወረቀት ያስመስሉታል። ጥለቱ ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ 255 ይሁን። ከዚያ ሰማያዊውን ከቀለሙ ማውጣት ይቀርሻል፤ ነጠላው ነጭ ስለሆነ ይህ ቀላል ነው፣ በዚያ ክፍል ብቻ የቀለሙን ሙሌት መቀነስ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ጥለቱን እንዳትነኪው ብቻ ተጠንቀቂ፤ ቀለሙ ይሞታል።

ከቢቸና፦ እኔ ኦፓሲቲውን 50 አድርጌው ሰውየው ራሱ ደበዘዘ። አልፋ ማለት ይህ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ኦፓሲቲ ለሌየሩ በሙሉ የሚሰጥ አንድ ቁጥር ነው፤ በእያንዳንዱ ፒክስል አልፋ ላይ ይባዛል። ስለዚህ ፊቱም ጸጉሩም እኩል ይደበዝዛሉ። መቶ ላይ መልሰውና ሥራህን ማስኩ ላይ ሥራ።

ከፍኖተ ሰላም (በድጋሚ)፦ አስተካክዬ በፒኤንጂ አስቀምጬ ለደንበኛው በቴሌግራም ላክሁለት። እሱ ጋ ሲደርስ ግልጹ ቦታ ተሞልቶ ነው ያገኘው።

መልስ፦ እንደ ፎቶ ልከውት ይሆናል። ያኔ ወደ ጄፔግ ይለወጣል፤ ጄፔግ ደግሞ አልፋ የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። እንደ ፋይል ይላኩት። ጂአይኤፍም አይበጅዎትም፤ በእሱ ፒክስሉ ወይ ይታያል ወይ አይታይም፣ መካከለኛ ስለሌለው ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ ይሆናል።

ከመላክዎ በፊት ከሥሩ አንድ ጊዜ ጥቁር፣ አንድ ጊዜ ነጭ፣ አንድ ጊዜ ደማቅ ቀይ ሌየር እያስገቡ ጠርዙን በ200 በመቶ ይመልከቱ። ጥቁሩ ላይ ነጭ ክር ከታየ ቀለሙ አልጸዳም። ነጩ ላይ ጥቁር ክር ከታየ ደግሞ ምናልባት ፋይሉን ያዘጋጀው ፕሮግራም ቀለሙን አስቀድሞ በአልፋው አባዝቶት፣ የእርስዎ ፕሮግራም ሳያውቅ በድጋሚ አባዝቶታል። ፒኤንጂ ያልተባዛ ቀለም እንዲይዝ ነው የተደነገገው፤ አንዳንድ የቪዲዮና የጨዋታ መሣሪያዎች ግን የተባዛውን ይመርጣሉ።

ከባሕር ዳር፣ የኮምፒውተር መምህር፦ 140 ያሉት ላይ ቅሬታ አለኝ። ካሜራው የሚቀላቅለው ብርሃንን እንጂ በፋይሉ የተጻፈውን ቁጥር አይደለም። በብርሃን ከተሰላ የ40 እና የ240 አማካይ ወደ 178 ነው የሚጠጋው።

መልስ፦ ልክ ነዎት፣ መምህር። ፋይሉ የሚይዘው ቁጥር ከብርሃኑ መጠን ጋር እኩል አይራመድም። እንግዲያው የነጩ ክር እውነተኛ ጥንካሬ እኔ ካሳየሁት ይብሳል፤ በፋይሉ ቁጥር ብቻ የሚቀንስ መሣሪያም ጥቂት ነጭ ያስቀራል ማለት ነው። አንዳንድ ፕሮግራሞች በብርሃን፣ አንዳንዶቹ በተጻፈው ቁጥር ስለሚቀላቅሉ አንዱ ፋይል በሁለት ቦታ ሲከፈት ጸጉሩ በአንዱ ቀጭን፣ በሌላው ወፍራም ሆኖ ይታያል።

ከባሕር ዳር፣ መምህሩ፦ ታዲያ ለኅትመት በየትኛው ይሠራ?

መልስ፦ እዚህ ላይ ባለሙያዎችም አይስማሙም። እኔ ሁለቱን በትንሽ ወረቀት አትሜ ደንበኛው የመረጠውን እሠራለሁ። እርስዎ ተማሪዎችዎን በየትኛው እንደሚያስለምዱ ቢነግሩን ግን ብዙዎቻችን እንጠቀማለን።

ከባሕር ዳር፣ መምህሩ፦ በብርሃን ነው የማስተምረው። ማተሚያ ቤቶቹ ግን አይወዱልኝም፤ ጥቁር ጸጉር በነጭ ዳራ ላይ ሳስቶባቸው ይወጣል።