የግብር ምዝገባ ቅጽ፦ ግለሰብ ወይስ ድርጅት? ትርፍ ወይስ ሽያጭ?

ከፍኖተ ሰላም፦ በቆሎ ገዝቼ እሸጣለሁ። ከኩንታል 200 ብር አተርፋለሁ። ቅጹ ዓመታዊ ገቢ ሲለኝ ትርፌን ነው የምጽፈው?

ትርፍ አይደለም እህቴ፣ ጠቅላላ ሽያጭዎን ነው። በሳምንት 12 ኩንታል፣ አንዱን በ4,000 ብር ይሸጣሉ እንበል። ሳምንቱ 48,000 ብር ነው። በዓመት 50 ሳምንት ቢሠሩ 2,400,000 ብር ይመጣል። ትርፍዎ ግን 120,000 ብር ብቻ ነው።

በ2017 ዓ.ም በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ ሽያጩ 2 ሚሊዮን ብር የደረሰ ነጋዴ ደረጃ «ሀ» ነው። ከዚያ በታች ያለ ግለሰብ ደረጃ «ለ» ይሆናል። ስለዚህ እርስዎ «ሀ» ነዎት። 120,000 ብለው ቢሞሉ «ለ» ይባላሉ፤ በኋላ የግዢና የሽያጭ ደረሰኝ ሲታይ ግን ልዩነቱ ይወጣል። ደግሞ «ሀ» መሆን ሁሌ ጉዳት አይደለም። «ለ» ግብሩ በሽያጭ ላይ ይሰላል። «ሀ» ግን መዝገብ ይዞ ወጪውን ካስረዳ የሚከፍለው በትርፉ ላይ ነው። እንደርስዎ ትርፉ ስስ ለሆነ ሰው መዝገቡ ይጠቅማል።

ከሞጣ፦ ጋሼ፣ ከ500,000 በታች ደረጃ «ሐ» አይደለም እንዴ? እኔ የማውቀው እንደዛ ነው።

ነበር። የ2008ቱ አዋጅ ሦስት ደረጃ ነበረው፣ ያኔ ትክክል ነበርክ። አሁን «ሐ» የለም።

ከደብረ ማርቆስ፦ ሱቄ ታፔላ አለው፣ የንግድ ስምም አውጥቻለሁ። «ድርጅት» የሚለውን ልምረጥ?

አይምረጡ። ሰው ሱቁን «ድርጅቴ» ማለት ስለለመደ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይስታል። ቅጹ የሚጠይቀው ሕጋዊ ማንነትዎን ነው። እንደ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ያለ የንግድ ማኅበር ካላቋቋሙ፣ ታፔላ ቢሰቅሉም ግለሰብ ነጋዴ ነዎት። ማኅበር ከሆኑ ሽያጭዎ ትንሽም ቢሆን ደረጃ «ሀ» ይሆናሉ። የንግድ ዘርፉን ደግሞ ንግድ ፈቃድዎ ላይ እንዳለው ይሙሉ። ፈቃዱ «ችርቻሮ» እያለ ቅጹ «ጅምላ» ካለ መዝጋቢው ይመልስብዎታል።

እዚያው ከደብረ ማርቆስ፣ ሌላ ሰው፦ እኔ ደሞ አስተማሪ ነኝ። ሁለት ክፍል ቤት አከራያለሁ። ነጋዴ ነኝ ማለት ነው?

በዚህ ብቻ አይደሉም። የቤት ኪራይ የራሱ ሠንጠረዥ አለው፣ «ለ» ይባላል። የንግድ ገቢ ሠንጠረዥ «ሐ»፣ ደመወዝዎ «ሀ» ነው። ከደረጃ «ለ» ጋር እንዳያምታቱት፣ ፊደሉ አንድ ስለሆነ ሰው ይሳሳታል። ለደመወዝዎ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ካለዎት አዲስ አይጠይቁ። ለአንድ ሰው አንድ ቁጥር ነው የሚሰጠው፤ በዚያው ላይ ኪራዩን ያስጨምሩ።

ከቡሬ፦ ደላላ ነኝ። የገበሬውን እህል ሸጬ ኮሚሽን እወስዳለሁ። ሽያጩን ሁሉ እኔ ልሙላ?

እህሉ የገበሬው ከሆነና ሰነዱም ይህንኑ ካሳየ ገቢህ ኮሚሽንህ ነው።

ከቡሬ፦ ደረሰኙ ግን በእኔ ስም ነው የሚቆረጠው።

ታዲያ ይሄ ከባድ ነው። በስምህ ከተቆረጠ ወረቀቱ ሻጭ ነው የሚልህ። ቅጹን ከመላክህ በፊት ከገበሬዎቹ ጋር የውክልና ውል አለህ ወይ? እሱን ንገረኝና እንቀጥላለን።