የሹራቡ ታግ ላይ ያለው 30 ደቂቃ አይደለም

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። እህቴ ከጀርመን ነጭ ሹራብ ልካልኛለች። ታጉን ፎቶ አንስቼ ልኬልዎታለሁ። 30 የተጻፈበት ሳፋ የሚመስል ነገር አለ፤ 30 ደቂቃ ይዘፍዘፍ ማለት ነው? ማሽን የለኝም፣ በእጄ ነው የማጥበው። እጅጌው ላይ የወጥ ጠብታ ስላለ በረኪና ላደርግበት አስቤያለሁ። ሳላበላሸው ምልክቶቹን ቢያስረዱኝ።»

መልስ፦ በመጀመሪያ በረኪናውን ያርቁት። ሌላው ስህተት ሊታረም ይችል ይሆናል፤ በረኪና ግን ሱፍ ላይ ካረፈ መመለሻ የለውም። በላኩልኝ ፎቶ ላይ ከሳፋው ቀጥሎ ያለው ሦስት ማዕዘን የሚናገረው ስለዚሁ ነው። ሦስት ማዕዘን የማንጫ ምልክት ነው፤ በኤክስ ከተሰረዘ ምንም ዓይነት ማንጫ አይንካው ማለት ነው። ውስጡ ሁለት ዘመም ያሉ መስመሮች ብቻ ያሉበት ሌላ ሦስት ማዕዘን አለ፤ እሱ በረኪናን ይከለክልና ክሎሪን የሌለበትን ማንጫ ይፈቅዳል። ፎቶ ሲደበዝዝ ሁለቱ ይመሳሰላሉ። የእርስዎን አጉልቼ ሳየው መስመሮቹ መሐል ላይ ተሻግረው ከሦስት ማዕዘኑ ውጭ ስለወጡ ኤክስ መሆኑ አያጠራጥርም።

ታጉ ላይ 70 በመቶ ሱፍ፣ 30 በመቶ ፖሊያማይድ ይላል። ሱፍ የበግ ጸጉር ነው፤ እንደ እኛ ጸጉር ፕሮቲን ነው። ላውንደሪ ቤታችን ለሚገቡ አዳዲስ ልጆች ይህን የማሳያቸው አንዲት የሱፍ ክር በትንሽ ብርጭቆ ያልቀጠነ በረኪና ውስጥ ነክሬ ነው። መጀመሪያ ቢጫ ትሆናለች፣ ከዚያ ትልሞሰሞሳለች፣ ቆይቶ ብርጭቆው ውስጥ የሚያነሱት ክር አይኖርም። ልብሱ ላይ ቀጥኖ ቢደረግም ነጩ ወደ ቢጫ ይሄዳል፣ ክሩም ይሳሳል።

አሁን ወደ ሳፋው። 30 የውኃው ሙቀት ነው፣ በሴልሺየስ። ያውም ጣሪያው፤ ከዚያ በታች ቢሆን ችግር የለም፣ ከዚያ በላይ ግን አይፈቀድም። ከአሜሪካ በሚመጣ ልብስ ላይ በቁጥሩ ፋንታ ነጥብ ሊያገኙ ይችላሉ፤ አንድ ነጥብ 30፣ ሁለት ነጥብ 40 ዲግሪ ነው። ደቂቃን የሚገልጽ ምልክት ግን የለም። ሱፍ ሲዘፈዘፍ ማደሩም ሆነ ግማሽ ሰዓት መቆየቱ አይጠቅመውም።

ሰው ሁሉ የሚያልፈው ከሳፋው ሥር ያሉትን መስመሮች ነው። በፎቶው ላይ መጀመሪያ አንድ መስመር ብቻ መሰለኝ፤ ሁለተኛው ስፌቱ አጠገብ እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ ነበር። ታጉን ዘርጋ አድርገው ይዩት፣ ሁለት ናቸው። መስመር የሌለው ሳፋ በተለመደው አስተጣጠብ ይታጠባል፣ አንድ መስመር ረጋ ብሎ፣ ሁለት መስመር በጣም ረጋ ብሎ ማለት ነው። መስመሮቹ የሚናገሩት ስለ መታሸቱ ነው። የሱፍ ክር በዓይን በማይታይ ቅርፊት የተሸፈነ ነው። ውኃ፣ ሙቀትና እሽት ሲገናኙበት ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይቆላለፋሉ፣ ሹራቡም ተኮማትሮ እንደ በርኖስ ይጠጥራል። ስለዚህ «በእጅ ስለማጥብ ለስላሳ ነው» ብለው አይመኑ። እኛ ልብስ የምናጥበው በሁለት ክንድ ፈትገን ነው፤ ያ እሽት ማሽን በሱፍ ፕሮግራሙ ከሚያደርገው በጣም ይበልጣል። እጅ የተነከረበት ሳፋ ቢሆን ኖሮ በእጅ ብቻ ይታጠብ ማለት ነበር። የእርስዎ ማሽንም ይፈቅዳል፣ በእጅም ይሆናል፤ ብቻ እሽት የለበትም።

እንዲህ ያድርጉት። ሳፋ ውስጥ 7 ሊትር የቧንቧ ውኃ ይቅዱ፣ 1 ሊትር የፈላ ውኃ ጨምረው ያማስሉት። የቧንቧው ውኃ 20 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ድምሩ ከ30 አይዘልም። አንጓዎን ቢነክሩ ሞቅ ካለ በዝቷል፤ የሰውነታችን ሙቀት 37 ስለሆነ 30 ዲግሪ ለብ እንኳ አይመስልም። የዱቄት ሳሙናና የደረቅ ሳሙና ለሱፍ ይከብዳሉ፤ አንዳንዱ ዱቄት ደግሞ ፕሮቲን የሚፈጭ ኢንዛይም አለው፣ እንቁላልና ደም ለማስለቀቅ የተጨመረ፣ ለሱፍም የማይመለስ። የሱፍ ሳሙና ካጡ አንድ ማንኪያ የጸጉር ሻምፖ ይበቃል።

የወጡን ጠብታ ከመንከርዎ በፊት ያስለቅቁ። የበርበሬው ቀለም የተቀመጠው ዘይቱ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ዘይቱ ሲወጣ አብዛኛው ቀለም አብሮ ይሄዳል። ከሥሩ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ያንጥፉ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ያኑሩበት፣ በጣትዎ ጫፍ ጫን ለቀቅ ያድርጉ። ቀለሙ ወደ ሥሩ ጨርቅ ሲያልፍ ያዩታል፤ ጨርቁን እየቀያየሩ ይደጋግሙ። በአንድ ጊዜ ካልለቀቀ ከታጠበ በኋላ እንደገና ይሞክሩት እንጂ አይፈትጉት።

ከዚያ ሹራቡን ገልብጠው ነክረው ለ5 ደቂቃ ያህል በመዳፍዎ ጫን ለቀቅ እያደረጉ ይጠቡት። በተመሳሳይ ሙቀት ሁለት ጊዜ ያለቅልቁት። ሲያወጡት በትከሻው አንጠልጥለው ሳይሆን ከሥሩ በሁለት እጅ አቅፈው ይሁን። አይጠምዝዙት፤ ፎጣ ላይ ዘርግተው እንደ ሰሌን ይጠቅልሉና ከላይ ይጫኑት፣ ፎጣው ውኃውን ይጠጣዋል።

አራት ማዕዘኖቹ የማድረቂያ ናቸው። ውስጡ ክብ ያለበትና የተሰረዘው በማሽን ማድረቂያ አይግባ ማለት ነው፤ ማሽን ስለሌለዎት አያሳስብዎ። ሁለተኛው፣ መሐሉ ላይ አግድም መስመር ያለው፣ ተዘርግቶ ይድረቅ ማለት ነው። ገመድ ላይ ከተሰጣ የውኃው ክብደት ወደ ታች ጎትቶ ያረዝመዋል። መስመሩ ቁመት ቢሆን ኖሮ ገመድ ላይ ይሰጣ ማለት ነበር። ጥላ የሚያዝዘው ምልክት፣ ማዕዘኑ ላይ የሚገባው ዘመም ያለ መስመር፣ የእርስዎ ላይ የለም። እኔ ግን ጥላ ውስጥ ያድርቁት እላለሁ፤ ነጭ ሱፍ ፀሐይ ሲበዛበት ይወይባል።

ባለ አንድ ነጥቡ ካውያ ዝቅተኛው ሙቀት ነው፣ ካውያዎ ላይም ያው አንድ ነጥብ ተጽፎ ያገኙታል። እንፋሎቱን ይዝጉት። በደንብ ተዘርግቶ ከደረቀ ግን መተኮስም አያስፈልገው ይሆናል።

የመጨረሻው፣ ክብ ውስጥ P ያለበት፣ ለእኛ ለላውንደሪዎች የተጻፈ ነው። በየትኛው ፈሳሽ ደረቅ እጥበት ማድረግ እንደሚቻል ይናገራል። ፈቃድ እንጂ ግዴታ አይደለም፣ ስለዚህ ቤት ቢያጥቡት ታጉን አልጣሱም። ጠብታው እምቢ ካለዎትና ላውንደሪ ከወሰዱት ግን ከክቡ ሥር ያለችውን አንዲት መስመር ያሳዩዋቸው። እዚያም ረጋ ተብሎ ይታጠብ ማለት ነው፣ ከሌላው ልብስ ጋር በተለመደው ፕሮግራም መግባት የለበትም። ጠብታው የወጥ መሆኑንና ሳሙና እንደነካው ይንገሯቸው፤ በምን እንደሚያስለቅቁት የሚወስኑት ከዚያ ተነሥተው ነው።