የአራት ሩብ ዓመት ሽያጭ በምን ይታይ?

ጥያቄ፦ «ገላን ባለ የግንባታ ዕቃ መጋዘን ነው የምሠራው። የዓመቱን የአራት ሩብ ዓመት ሽያጭ ለውጥ ለኃላፊዎች በባር ቻርት፣ በላይን ቻርት ወይስ በሠንጠረዥ ላሳይ?»

መልስ፦ ባር ቻርት ይጠቀሙ። ኃላፊዎች መጀመሪያ የሚፈልጉት የትኛው ሩብ ዓመት በለጠ የሚለውን ነው፤ የባር ቁመት ይህን ወዲያው ያሳያል። ቁጥሩን ከየባሩ በላይ ይጻፉት። ላይን ቻርት የሚጠቅመው የሁለት ሦስት ዓመት አካሄድ ሲታይ ነው። ሠንጠረዡ ዝርዝር ለሚጠይቅ በአባሪ ይሁን።

ዋናው ጥንቃቄ ባሩ ከዜሮ እንዲነሳ ነው። ሽያጩ ከ4 ሚሊዮን ወደ 4.2 ሚሊዮን ብር አደገ እንበል። ዕድገቱ 5 በመቶ ነው። ቋሚው መስመር ከ3.9 ሚሊዮን ከጀመረ ግን ሁለተኛው ባር የመጀመሪያውን ሦስት እጥፍ ይረዝማል። ኤክሴል ላይ Format Axis ውስጥ Minimum የሚለውን 0 ያድርጉት።

ደግሞ የናንተ ሥራ ክረምት ላይ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለውን ሽያጭ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ካለው ጋር ብቻ ካነጻጸሩት፣ ዝናቡ ያመጣው ቅናሽ የሠራተኛ ድክመት ይመስላል። ያለፈውን ዓመት ተመሳሳይ ሩብ ዓመት በፈዘዘ ቀለም አጠገቡ ያቁሙት።