በሰው ፊት ሌላ፣ ብቻችንን ስንሆን ሌላ

«እጮኛዬ በጓደኞቹ መካከል ተጫዋችና አሳቢ ነው፤ ብቻችንን ስንሆን ግን ይነጫነጭብኛል። እውነተኛ ማንነቱ የትኛው ነው?»

እህቴ፣ ሁለቱም የእርሱ ናቸው፤ መመርመር ያለበት ልዩነቱ በምን ላይ እንደሆነ ነው። ከሰው ጋር ሲጫወት አምሽቶ ቤት ሲገባ ዝም የሚል ሰው ደክሞት ሊሆን ይችላልና፣ ዝምታው ንቀት ከሌለበት ብዙም አያስጋም። የእኔ የቀድሞ እጮኛ ግን በእንግዶች ፊት ቡና ሳፈስ «አይዞሽ፣ አላቃጠለሽም?» ብሎ ስኒውን ራሱ አነሣ፤ በዚያው ሳምንት ብቻችንን ሳለን ለዚያው ጥፋት ሲሰድበኝ፣ ቁጣውን መግታት እንደሚችል፣ ለእኔ ሲሆን ግን መግታት እንደማይፈልግ ተረዳሁ።

ስለዚህ ረጋ ባላችሁበት ሰዓት አንድ የተወሰነ ቀንና የተናገረሽን ቃል ጠቅሰሽ እንደጎዳሽ ንገሪው፤ ከዚያም የሚገባልሽን ቃል ሳይሆን ማንም በሌለበት የሚያሳየውን ጠባይ ለጥቂት ወራት ተመልከቺ። «አንቺ ነሽ የምታካብጂው፣ ጓደኞቼን ጠይቂ» ካለሽ፣ ጓደኞቹ ያላዩትን ሊመሰክሩ አይችሉም። የትዳር አብዛኛው ሰዓት ያለ እንግዳ የሚያልፍ በመሆኑ፣ መስማማታችሁም የሚለካው በዚያ ሰዓት ነው። ከእርሱ ጋር ብቻሽን መሆን ማስፈራት ከጀመረሽ ግን ወራት አትጠብቂ፤ ለምታምኚው ሰው ንገሪ፣ ሰርጉንም አቆዪው።